ማይክሮ ቲቺንጉ ከተበላሸ በኋላ የሚጻፈው ጆርናል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማይክሮ ቲቺንግ በክፍል ጓደኞች ፊት የሚደረግ አጭር የማስተማር ልምምድ ነው፤ ከዚያ በኋላ እጩ መምህሩ ስለ ትምህርቱ ጆርናል ይጽፋል። የመጀመሪያ ማይክሮ ቲቺንጋቸው ከተበላሸባቸው እጩ መምህራን ስለዚህ ጆርናል ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች በአንድ ገጠመኝ ላይ ላሳያችሁ። ትምህርቱ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። አሥር ደቂቃ ተሰጥቷል፣ ስምንት የክፍል ጓደኞች ተማሪ ሆነው ተቀምጠዋል። እጩዋ መምህርት 1/3 ከ1/4 እንደሚበልጥ ልታሳይ ነው።

«ጆርናል ማለት የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል መጻፍ ነው።»

የእጩዋ መምህርት የመጀመሪያ ረቂቅ ሁለት ገጽ ነበር። ሰላምታ ሰጠች፣ ርዕሱን ጻፈች፣ ያለፈውን ከለሰች፣ ጠመኔው ተሰበረ። ቃለ ጉባኤ በሉት። ትምህርቱ የተበላሸበት ደቂቃ ግን በአንድ መስመር ታልፏል፦ «አንድ ተማሪ ተሳስቶ መለሰ፣ አረምኩት።»

ጆርናሉ መጀመር የነበረበት ከዚህች መስመር ነው። ስለዚህ ጠየቅኳት። ልጁ በትክክል ምን አለ? «1/4 ይበልጣል» ነው ያለው። አንቺስ? «አይደለም፣ ተቀመጥ።» ሰሌዳው ላይ ምን ነበር? እዚህ ላይ ዝም አለች። ከዚያ ጓደኛዋ በስልክ የቀረጸላትን ቪዲዮ ከፈተች።

ሁለት ክብ ሥላለች። ለ1/3 የሣለችው የስኒ ማስቀመጫ ያህላል፣ ለ1/4 የሣለችው ትሪ ያህላል። የትሪው ሩብ ከስኒ ማስቀመጫው ሲሶ በዓይን ይበልጣል። ልጁ የተናገረው ያየውን ነው! ሁለት ክፍልፋዮችን በሥዕል ማወዳደር የሚቻለው ሙሉዎቹ እኩል ከሆኑ ብቻ ነው። የትልቅ እንጀራ ሩብ ከትንሽ እንጀራ ሲሶ ቢበልጥ ምን ይገርማል?

አንድ ቅጽበት ይበቃል። ማን ምን አለ፣ እኔ ምን መለስኩ፣ ሰሌዳው ላይ ምን ነበር። ይህን በዚያው ቀን በማስታወሻ መያዝ ይሻላል፤ በማግስቱ የሰው ንግግር ቃል በቃል አይታወስም።

«ያበላሸኝ ፍርሃት ነው፤ እሱን ከጻፍኩ ይበቃል።»

ፍርሃቱ እውነት ነው፣ በአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ቀጥሎ ግን አንድ ጥያቄ አለ። ባልፈራ ኖሮ ይሄ ስህተት ይቀር ነበር? ክቦቹን በተመለከተ አይቀርም ነበር። የትምህርት እቅዷ ላይ «ሁለት ክብ መሣል» ይላል እንጂ ስለ መጠናቸው ምንም አልተጻፈም።

ፍርሃት ያመጣው ሌላውን ነው፣ «አይደለም፣ ተቀመጥ» ማለቷን። «እንዴት አወቅህ?» ብትለው ኖሮ ልጁ ጣቱን ወደ ትልቁ ክብ ይቀስር ነበር፣ እሷም እዚያው ትነቃ ነበር። ሁለቱን መለየት የሚጠቅመው መፍትሔያቸው ለየቅል ስለሆነ ነው። አንዱ እቅድ ላይ ይታረማል፣ ሌላው አፍን ያስለመዱትን ቃል መቀየር ይጠይቃል።

«ስህተቴን ካመንኩ ማርክ ይቀነስብኛል።»

አሰልጣኙ እኮ ከኋላ ተቀምጦ አይቶታል። ጆርናሉ ላይ የሚፈልገው ስህተቱ ለምን እንደተፈጠረ ነው። ራስን መውቀስ ግን ምክንያት መፈለግ አይደለም። «ለመምህርነት አልተፈጠርኩም» የሚል ገጽ ስለ ክቦቹ አንዲት ነገር አይነግረንም።

«መጨረሻው ላይ "ወደፊት በደንብ እዘጋጃለሁ" ካልኩ አበቃ።»

ማይክሮ ቲቺንግ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲጀመር ዋናው ሐሳቡ ማስተማር፣ አስተያየት መቀበል፣ ያንኑ ደግሞ ማስተማር ነበር። ጆርናሉ የሚጻፈው ለዚያ ሁለተኛ ዙር ነው። «በደንብ እዘጋጃለሁ» ብሎ ደግሞ ማንም ሰሌዳ ፊት ሊቆም አይችልም፤ ምን ሊሠራ ነው?

ልጅቷ ያንን አባባል ሰርዛ ሁለት ነገር ጻፈች። አንደኛ፣ ክቡን ትታ እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት የወረቀት ሰቆች ታዘጋጃለች። ወረቀት ለሦስት እኩል ማጠፍ አስቸጋሪ ነው፤ 60 ግን ለሦስትም ለአራትም በትክክል ይካፈላል። አንዱን በየ20፣ ሌላውን በየ15 ሳንቲሜትር በማስመሪያ ታሰምራለች። ሁለተኛ፣ የተሳሳተ መልስ ስትሰማ «እንዴት አወቅህ?» ብላ በልቧ እስከ ሦስት ትቆጥራለች። መፈጸሟን እንዲያይላት አንድ ጓደኛዋ ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል።

በሁለተኛው ዙር ሰቆቹ ጎን ለጎን ተለጠፉ። እንደገና አንዱ ተነሥቶ «1/4 ይበልጣል» አለ። «እንዴት አወቅህ?» አለች፣ ጠበቀች። «አራት ከሦስት ስለሚበልጥ።» የሁለተኛው ጆርናሏ የመጀመሪያ መስመር ይህ ሆነ።