ያልተለጠፈ ሥራ በሰው በኩል ሲፈለግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ትልቅ ቦታ ላይ ዘመድ ከሌለኝ ማን ይጠቁመኛል?»

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ማርክ ግራኖቬተር ይህንኑ ጉዳይ አጥንቶ ነበር። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኒውተን ከተማ፣ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን አግኝቶ ጠየቃቸው። በሰው ጥቆማ ሥራ ካገኙት ውስጥ ጠቋሚውን በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ ያገኙት የነበሩት 17 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነው የጠቆማቸው። ጥናቱ የታተመው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የቅርብ ወዳጅህ የሚሰማውን ወሬ አንተም ትሰማዋለህ። ሁለታችሁም የምታውቁት ያንኑ ሰው ነው። የድሮ የሥራ ባልደረባህ፣ ሥልጠና ላይ አብሮህ የተቀመጠው ሰው፣ በቀድሞ ሥራህ ዕቃ ያቀርብላችሁ የነበረው ድርጅት ሠራተኛ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው የሚውሉት። ወደ አንተ ጆሮ የማይደርሰውን ይሰማሉ።

«ትልቅ ሰው» የሚለውም ያሳስታል። ለሥራ አስኪያጁ ደጅ መጥናት ብዙም አያዋጣም። ስለ ክፍት ቦታ ቀድሞ የሚያውቀው ሥራውን ራሱ የሚሠራው ሰው ወይም የእሱ የቅርብ አለቃ ነው። የሰው ኃይል ክፍል እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው የቅጥር ጥያቄው ተጽፎ ሲደርሰው ነው።

«80 በመቶ የሚሆነው ሥራ ማስታወቂያ ላይ አይወጣም ይባላል።»

ይባላል። ቁጥሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ከርሟል እንጂ የሚታመን ምንጭ የለውም። ማስታወቂያ ማየት አትተው። ማስታወቂያ ማየትንና ሰው ማነጋገርን ጎን ለጎን አስኪዳቸው።

«ሰውየው ሥራ እንደምፈልግ ካወቀ ለማኝ መስዬ እታየዋለሁ። ስለዚህ ደብቄ 'ልምድ ለመቅሰም ነው' ልበለው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሆናል። ሰውየው በአምስተኛው ደቂቃ ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትጠይቀውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚሰማው። ሥራ መቀየር ወይም መፈለግ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ማለፍ ይቻላል።

ተስፋ የቆረጠ የሚያስመስለው ሌላ ነገር ነው። አንደኛው «ያገኘኸውን ማንኛውንም ሥራ» የሚለው አባባል ነው። ትሑት ይመስላል፤ ለሰሚው ግን ሸክም ነው። ምን እንደምትፈልግ ራሱ እንዲያስብልህ ትጠይቀዋለህ፤ ለየትኛው ሥራ ብሎ ይጠቁምህ? ሁለተኛው ሳይጠየቁ ሲቪ አያይዞ መላክ ነው። ሦስተኛው የኑሮን ችግር መዘርዘር ነው። አራተኛው ሙጭጭ ማለት ነው፤ ዛሬ ጽፎ ነገ «አላየኸውም እንዴ?» ማለት። መልስ ካልመጣ ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ በአጭሩ አስታውስ። ከዚያ በኋላም ዝም ካለ ተወው፤ ወደ ሌላ ሰው ሂድ።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የሂሳብ ባለሙያ አምስት ዓመት ክፍያ ክፍል ውስጥ ሠርታለች። ወደ ግዥ ሥራ መዛወር ትፈልጋለች። ሥልጠና ላይ ላገኘችው የሌላ ድርጅት የግዥ ባለሙያ እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦

«ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት የውል አስተዳደር ሥልጠና ላይ አብረን ነበርን። ስለ አቅራቢዎች መዘግየት ያነሱት ነጥብ እስካሁን ትዝ ይለኛል። እኔ አምስት ዓመት በክፍያ ክፍል ሠርቻለሁ፤ አሁን ወደ ግዥ ሥራ ለመዛወር እያሰብኩ ነው። ከማመልከቴ በፊት የሥራውን ውሎ ከሚሠራው ሰው መስማት ፈለግሁ። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ 20 ደቂቃ በስልክ ሊያወሩኝ ይችላሉ? ካልተመቸዎት ምንም አይደለም፤ እረዳለሁ።»

ከየት እንደሚተዋወቁ ተናገረች። ምን እንደምትፈልግ አልደበቀችም፤ «ከማመልከቴ በፊት» ስትል ነገሩ ግልጽ ነው። የጠየቀችው ግን ሥራ አይደለም፤ ሰውየው ሊሰጣት የሚችለውን 20 ደቂቃ ነው። እምቢ የሚልበትንም በር ከፍታለታለች። በዚህ መልእክት ውስጥ የሚያሳፍር ነገር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ሥራ ያጣ ሰውም በዚሁ መንገድ መጻፍ ይችላል። «ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ወጣሁ፤ አሁን በዚህ ዘርፍ ሥራ እየፈለግሁ ነው» ብሎ ወደ ጥያቄው መሄድ ነው። ዝርዝሩን ከፈለገ ይጠይቃል።

«ሰውየውን አንዴ ካገኘሁት ፊት ለፊት 'ቦታ አለ ወይ?' ብዬ ብጠይቅ ምን አለበት?»

ያለበት ነገር መልሱ ነው። ይህ ጥያቄ «አዎ» ወይም «የለም» ነው የሚያመጣው፤ መልሱ ደግሞ ባብዛኛው «የለም» ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው ይቀዘቅዛል። ለምክር ብለህ ቀጠሮ ይዘህ ሥራ ከጠየቅኸው ደግሞ እንደተታለለ ይሰማዋል።

የሚሻለው ሥራው የት ላይ እንደከበደ የሚያሳይ ጥያቄ ነው። «ባለፈው ሳምንት ብዙ ጊዜዎን የወሰደው ምን ነበር?» «ሥራ የሚከመረው የት ላይ ነው?» «አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚቸገረው በምንድነው?» «ከእኔ ልምድ አንጻር ምን ይጎድለኛል?» ድርጅቱ መቼ እንደተመሠረተ፣ ስንት ቅርንጫፍ እንዳለው አትጠይቅ። እሱ ድረ ገጹ ላይ አለ።

ባለሙያዋ «ሥራ የሚከመረው የት ነው?» ስትል ሰውየው ስለ ክፍያ ያወራል። አቅራቢዎች ገንዘባችን ዘገየ ብለው ይጮሃሉ፤ የግዥ ትዕዛዙ፣ የዕቃ መረከቢያ ሰነዱ እና የአቅራቢው የክፍያ መጠየቂያ እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። ይህ ለእሷ የየዕለት ሥራዋ ነው። «እኛ ጋ ችግሩ የመጣው ግማሹ ዕቃ ሲደርስ ሰነዱ ላይ ሙሉ ተብሎ ስለሚሞላ ነበር። በየሳምንቱ መጨረሻ ያልገጠሙትን ብቻ ለይተን ከግዥ ክፍል ጋር ማየት ጀመርን» ትለዋለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናቸው። ራሷን አላሞገሰችም። ሰውየው ግን ስልኩን ሲዘጋ የሚያስታውሰው እነሱን ነው።

20 ደቂቃው ሲሞላ ራሷ ትናገራለች፤ «ሰዓታችን ደረሰ፣ አላስቸግርዎት»። ልቀጥል ካለ የእሱ ፈቃድ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ትጨምራለች፦ «ሌላ ማንን ባናግር ይጠቅመኛል? እርስዎን ጠቅሼ ብጽፍስ ይፈቅዱልኛል?» በእኔ ግምት ከሁሉም የምትበልጠው ጥያቄ ይህች ናት። ቀጣዩ ሰው ጋ እንግዳ ሆነህ አትሄድም።

ነገሩ እንዴት እንደሄደ በሰውየው ሁኔታ ይታወቃል። እሱም መልሶ ከጠየቀህ፣ ስም ከሰጠህ፣ ጥሩ ነው። ገና በሦስተኛው ደቂቃ «ሲቪህን ላክልኝና አያለሁ» ካለ ብዙውን ጊዜ በጨዋነት እየሸኘህ ነው። ላክለት፤ ግን በእሱ ተስፋ አትቀመጥ።

«ክፍት ቦታ የለንም ካለ በቃ፣ አለቀ።»

ያልተለጠፈ ሥራ ሲባል ብዙ ሰው የተደበቀ ቦታ ያለ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ገና ያልተወለደ ቦታ ነው። አንድ ሠራተኛ ሊለቅ መሆኑን ለአለቃው ይነግራል፤ ወይም አዲስ ውል ተፈርሞ ሥራ ይበዛል። አለቃው መጀመሪያ ሥራውን ላሉት ሰዎች ያከፋፍላል። አልሆን ሲል በጀት ያስፈቅዳል። በዚህ መሃል ቡድኑን «የምታውቁት ሰው አለ?» ይላል። ማስታወቂያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ወሬ እስከ ማስታወቂያው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ያልተለጠፈ ሥራ የሚባለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው ያለው።

ስለዚህ ዛሬ «የለንም» ያለህ ሰው እውነቱን ነው። ጥያቄው ከሁለት ወር በኋላ አለቃው ሲጠይቀው ስምህ ትዝ ይለዋል ወይ ነው። ይህ በክትትል ይወሰናል፤ ክትትል ማለት ደግሞ «አዲስ ነገር አለ?» እያሉ መጻፍ አይደለም።

ባለሙያዋ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ታመሰግነዋለች፤ ከነገራት አንዱን ነገር ለይታ በመጥቀስ። ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ትጽፋለች፦ «የጠቆሙኝን ሰው አነጋገርኳቸው፤ ስለ ጨረታ ግምገማ ብዙ ነገሩኝ። ይጎድልሻል ያሉኝን የውል አጻጻፍ ሥልጠናም ጀምሬያለሁ። በድጋሚ አመሰግናለሁ።» ምንም አልጠየቀችም። ምክሩን ሥራ ላይ እንዳዋለችው ግን አወቀ። መካሪ ብዙ ነው፤ ምን እንዳደረገበት ተመልሶ የሚናገር ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ የቡድኑ አንድ ሰው ይለቃል እንበል። ሰውየው ለአለቃው «ከክፍያ ክፍል የመጣች፣ ያን የሰነድ አለመገጣጠም በደንብ የምታውቅ ልጅ አነጋግሬ ነበር» ይላል። ያን ጊዜ ሲቪዋ ይጠየቃል። አንድ ገጽ፣ ለግዥ ሥራ ተስተካክሎ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ኢንተርቪውም አይቀርላትም፤ ሌላ ሰውም ሊበልጣት ይችላል። ያገኘችው ነገር ክምር ማመልከቻ ሳይመጣ መታየትን ነው።

መንገዱ ዝግ ያለ መሆኑን ልብ በል። በዚህ ወር ደመወዝ የግድ የሚያስፈልገው ሰው በዚህ ብቻ መተማመን የለበትም። ከአንድ ሰው ጋርም አይሆንም። በሳምንት ሁለት ሰው ማነጋገር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትሉ ይጠፋብሃል።

«ይሄ ያው በዘመድ መግባት አይደል?»

የሚለየው ሰውየው የሚናገረው ነገር ነው። «የእኛ ልጅ ነው» ካለ ዝምድና ነው። «ይህን ሥራ ያውቃል፣ አነጋግረው» ካለ መረጃ ነው፤ ውሳኔው የአለቃው ሆኖ ይቀራል።

ገደብ ግን አለው። ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቦታን በይፋ የማውጣት ግዴታ አለባቸው። እዚያ ንግግሩ የሚጠቅምህ ማስታወቂያው ሲወጣ ሥራውን አውቀህ እንድታመለክት ነው። ቦታው አስቀድሞ ከወጣና ሰውየው መራጭ ኮሚቴ ውስጥ ካለ በግል አትደውልለት፤ እሱንም ራስህንም ችግር ውስጥ ትከታለህ። ጥያቄ ካለህ ማስታወቂያው ላይ ወደተሰጠው አድራሻ ጻፍ።