ቻርጂንግ ቤዝ ምንድን ነው? ለምንስ መዋዋስ አይቻልም?

ቻርጂንግ ቤዝ የጥርስ ብሩሽን ወይም የጆሮ መስሚያን የመሰለ ዕቃ ባትሪው እንዲሞላ የምናስቀምጥበት መቀመጫ ነው። «ገመድ የለው፣ ብረት አይነካካ፤ እንግዲህ የትኛውም ቤዝ የትኛውንም ይሞላል።» ይህን የሚል ሰው በየጊዜው ይገጥመኛል። የሚሉት ደግሞ ስለ ኤሌክትሪክ ትንሽ የሚያውቁት ናቸው። ጭራሽ የማያውቅ ሰውማ ጠይቆ ነው የሚሰካው። ሰሞኑን አንዱ ጨመረበትና «አምራቾቹ ቅርጹን የሚቀያይሩት ብር ለመብላት ነው፤ ውስጡ አንድ ነው» አለ። ብር መብላቱን አልከራከርም። ውስጡ አንድ ነው የሚለው ላይ ግን እንጣላለን።

ጅማ ውስጥ ትንንሽ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ፤ የጆሮ መስሚያም ይመጣልኛል። ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የሚመጡት የጥርስ ብሩሽ፣ የጺም መላጫና የጆሮ መስሚያ አንድ የጋራ ችግር አላቸው። ዕቃው ይደርሳል፤ መቀመጫው ግን ይረሳል፣ ይጠፋል ወይም ይቃጠላል። ከዚያ «የሚመሳሰል» ፍለጋ ይጀመራል።

ስህተቱ የሚጀምረው ቤዙን «ቻርጀር» ስንለው ነው። ባትሪ መሙላት ማለት ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ብቻ አይደለም። ስንት ይግባ፣ መቼ ይቀንስ፣ መቼ ይቁም የሚል ውሳኔ አለበት። ይህን ሥራ ቤዙና ዕቃው ተካፍለውታል። አከፋፈሉን ደግሞ እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገ አድርጎታል። አንዱ ውሳኔውን በሙሉ ዕቃው ውስጥ ከቶታል። ሌላው ግማሹን ለመቀመጫው ሰጥቷል። እናም የአንዱን ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር ስታገናኙ ማንም ያልያዘው ሥራ ይኖራል፤ ወይም ሁለቱም የያዙት።

የጥርስ ብሩሹን እንውሰድ። የብዙዎቹ ቤዝ መሐሉ ላይ አጭር ጉጥ አለው። የብሩሹ እጀታ ደግሞ ከሥሩ ጉድጓድ አለው። ሙቀጫና ዘነዘና በሉት፤ ሙቀጫው ተገልብጦ ዘነዘናው ላይ የተቀመጠ። በዘነዘናው ሥር የተጠቀለለ ሽቦ አለ። በሙቀጫው ግድግዳ ውስጥም ሌላ ጥቅል ሽቦ አለ። የታችኛው ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን ይቀያይራል። በዚህ የሚፈጠረው መግነጢሳዊ ምት የላይኛው ሽቦ ውስጥ ሌላ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አንድ ትራንስፎርመር ናቸው። ቤዙ ብቻውን ግማሽ ትራንስፎርመር ነው። ግማሽ ትራንስፎርመር «ይሠራል ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። «ከማን ጋር?» ነው የሚባለው።

ቀጭን ዘነዘና በሰፊ ሙቀጫ ውስጥ ቢገባም ግድግዳው ይርቀዋል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ስትርቁ የሚደርሰው ኃይል ክፉኛ ይቀንሳል። ልኩ ቢገጥም እንኳ ምቱ አለ። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አይታችሁ ከሆነ ምት ካልጠበቁ ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል። የብሩሹ ጥቅል ሽቦም ለራሱ ቤዝ ምት ተቃኝቶ ነው የተሠራው። በሌላ ምት የሚመታ ቤዝ ላይ ስታስቀምጡት ወይ ምንም አይወስድም፣ ወይ ትንሽ ወስዶ መብራቱን ብልጭ ያደርግና ባትሪው ሳይሞላ ያድራል። ሰዎችን የሚያሳስተው ይህ ብልጭታ ነው። «ይኸው ተቀበለ!» ይላሉ።

«ቮልቱ እስከተመሳሰለ ድረስ ምን ችግር አለው?» የሚል ሌላ ተከራካሪም አለ። ቤዙን ገልብጦ 220 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያሳየኛል። ወንድሜ፣ እሱ ከግድግዳው የሚገባው ነው። ቤዙ ለብሩሹ የሚሰጠው የትም አልተጻፈም። ሊጻፍም አይችልም፤ ምክንያቱም የሚሰጠው በሽቦ የሚወጣ ቮልት ሳይሆን መግነጢሳዊ ምት ነው። የሁለት ቤዞች የጀርባ ጽሑፍ አንድ መሆኑ ሁለቱም ጅማ ውስጥ ሳይቃጠሉ እንደሚሰኩ ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ለመቃጠሉ ግን ያ ጽሑፍ ወሳኝ ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ አንዳንድ የብሩሽ ቤዞች ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው። የሶኬት ማስማሚያዋ ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አትቀይርም። እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ቤዙ ይግላል፣ ይሸታል፣ ያበቃለታል። ደግነቱ ብሩሹ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ከግድግዳው ጋር የሚገናኘው ቤዙ ነውና የዚያው ቤተሰብ የሆነ የ220 ቮልት ቤዝ ከተገኘ እጀታው ይሞላል። የአንድ አምራች ብዙ ብሩሾች አንድ ዓይነት ቤዝ ይጋራሉ። አዲስ ሞዴል ሲያወጡ ግን ቤዙንም የቀየሩ አሉ፤ ስለዚህ የድርጅቱ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

የስልክ ዋየርለስ ቻርጀርስ? እሱም አይሆንም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። «ቺ» በሚባለው ደረጃ የተሠራ የስልክ ቻርጀር ዝም ብሎ ኃይል አይረጭም። በየጊዜው አጭር ምት ይልክና መልስ ይጠብቃል። ስልኩ በተስማሙበት መንገድ «እዚህ ነኝ፣ ይህን ያህል ስጠኝ» ካላለው ያቆማል። ተራ የጥርስ ብሩሽ ይህን ቋንቋ አያውቅም። በግልባጩ ስልኩን የብሩሽ ቤዝ ላይ ብታስቀምጡት ቤዙ የሚወስደው ኃይል በጠቅላላው 1 ዋት ገደማ ነው። ስልክ ደግሞ ከ5 ዋት ጀምሮ ይጠይቃል። ብሩሹ ከ12 እስከ 24 ሰዓት የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተበላሽቶ አይደለም።

የጺም መላጫው ላይ የሙቀጫዬ ነገር ይሰበራል። አብዛኛው መላጫ በብረት ንክኪ ወይም በገመድ ነው የሚሞላው። እዚያ ጉዳዩ በእርግጥ የቮልት ነው። ገበያው ላይ 15 ቮልት የሚሰጡም 4.3 ቮልት የሚሰጡም አስማሚዎች አሉ፤ ጫፋቸውም ተቀራራቢ ነው። ትንሹን ለትልቁ ስትሰኩ ምንም አይፈጠርም። ትልቁን ለትንሹ ስትሰኩ የመላጫው ሰርኪት ይሄዳል። በአንዳንድ ርካሽ መላጫዎች ውስጥ ደግሞ «በቃ» የሚል ክፍል የለም። ባትሪው በዝግታ የሚሞላው አስማሚው ራሱ ደካማ ስለሆነ ብቻ ነው። ጠንከር ያለ አስማሚ ስትሰጡት ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

የጆሮ መስሚያ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። ብሩሹ ባይሞላ መፋቂያ አለ።

አንዲት ልጅ የአባቷን መስሚያዎች ከነመሙያ ሳጥናቸው ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ሳጥን ቤት ሲቀይሩ ጠፍቷል። ውጭ ያለው ወንድሟ ፎቶ አይቶ ሌላ ላከ፤ የዚያው ድርጅት፣ ቀለሙም ያው። መስሚያዎቹ ገብተው ልክ ተቀመጡ። ክዳኑም ተዘጋ።

«መብራቱ አረንጓዴ ነው እኮ። ጠዋት ግን አባባ አይሰሙም» አለችኝ።

«እህቴ፣ ይሄ መብራት የሚነግርሽ ሳጥኑ ራሱ መብራት እንዳገኘ ነው። የአባትሽ መስሚያ ላይ ያለችው ትንሿ መብራት ትበራለች?»

አትበራም። አንደኛው መስሚያ ግን ገና ጥቂት ቻርጅ ነበረው። ሳጥኑ ውስጥ አስገብቼ ክዳኑን ዘጋሁና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቀጭን ፉጨት ይሰማል። መስሚያ ትክክለኛ ቻርጀሩ ውስጥ ሲገባ ራሱን ያጠፋል፤ ሲወጣ ራሱ ይነሳል። ይህኛው ግን አልጠፋም። ከድምጽ ማጉያው የሚወጣው ድምጽ በጠባቡ ሳጥን ውስጥ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፤ ፉጨቱ ከዚያ ነው። ማለትም ሌሊቱን ሙሉ ሲሞላ ሳይሆን ሲሠራ ነው የሚያድረው። አባባ ጠዋት የሚያደርጉት ማታ ካወለቁት የባሰ ባዶ መስሚያ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ማጉያ መነጽር በቂ ነበር። በሳጥኑ ጉድጓዶች ውስጥ ጥንድ ጥንድ ወርቃማ ፒኖች ብቅ ብለዋል። መስሚያዎቹን ስንገለብጥ ሆዳቸው ልሙጥ ፕላስቲክ ነው፤ አንድ የብረት ነጥብ የለም። መስሚያዎቹ በመግነጢሳዊ ምት የሚሞሉ ናቸው። ሳጥኑ ደግሞ በንክኪ ለሚሞላው ሞዴል የተሠራ ነው። አንድ ድርጅት፣ አንድ ቀለም፣ የማይገናኙ ሁለት ግማሾች። የድርጅቱን ስም ትተን መስሚያው ላይ የተጻፈውን የሞዴል ስም አንብበን በዚያ ስናዝ ትክክለኛው ሳጥን መጣ። መስሚያዎቹ ሲገቡ መብራታቸው ብልጭ ማለት ጀመረ፣ ፉጨቱም ወዲያው ጠፋ። በ4 ሰዓት ውስጥ ሞሉ።

«ሽቦ በይደህ በቀጥታ ሙላው» ላለኝ ሰው መልሴ ይህ ነው። የስልክ ባትሪ 4 እና 5 ሺህ ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል። የመስሚያው ከ20 እስከ 30 ገደማ ነው። ሊቲየም ነውና 4.2 ቮልት አካባቢ ላይ መቆም አለበት። ለስልክ ጥቂት የሆነ ኤሌክትሪክ ለዚህች ፍሬ ጎርፍ ነው፤ ፍሬዋ ያለችው ደግሞ ከሰው ጆሮ ጀርባ ነው።

ካነሳሁት አይቀር፣ በንክኪ የሚሞሉት መስሚያዎች ሳጥናቸው ትክክል ሆኖም እምቢ የሚሉበት ጊዜ አለ። የጅማ ክረምት እርጥበቱን ታውቁታላችሁ። ላብና የጆሮ ኩክ ፒኑ ላይ ይደርቅና ንክኪውን ይዘጋል። ማታ ከማስገባታችሁ በፊት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ ውኃ አያስፈልግም። እርጥበት ለማድረቅ ብቻ የተሠሩ ሳጥኖችም አሉ። ገመድና መብራት ስላላቸው ቻርጀር ይመስላሉ፤ አይሞሉም። በዝንክ ኤር የሚሠሩት፣ ቀዳዳቸው ላይ ባለ ቀለም ተለጣፊ ያላቸው ክብ ባትሪዎች ደግሞ ጭራሽ አይሞሉም። ሲያልቁ ይጣላሉ።

መዋዋስ የሚቻለው አንድ ነገር ገመዱ ነው። ብዙዎቹ የመስሚያ ሳጥኖች ከዩኤስቢ 5 ቮልት ነው የሚወስዱት፤ ደህና የስልክ አስማሚና ጫፉ የሚገጥም ገመድ ይበቃቸዋል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ የምትገዙት፣ ውስጡ የራሱ ባትሪ ያለው ሳጥን ካለ እሱን ምረጡ። ለዚያው ሞዴል የተሠራ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ።