ታምሜ ግብሬን በጊዜው ማስታወቅ አልቻልኩም፦ ስለ ማራዘሚያ ደብዳቤ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሆስፒታል እንደተኛሁ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ስድን ሄጄ አስረዳለሁ።»

ሰፈሩ ቢያውቅም ፋይሉ አያውቅም። ዓመታዊ ግብር የሚያስታውቅ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ የመጨረሻ ቀኑ ጥቅምት 30 ነው። ጊዜ ይራዘምልኝ የሚለው ጥያቄ በጽሑፍ መቅረብ አለበት፤ ከዚያ ቀን በፊት ቢገባ ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ደብዳቤ ጊዜ ይራዘምልኝ ሳይሆን መቀጫ ይነሳልኝ ወደሚል ሌላ ጉዳይ ይቀየራል።

ታማሚው ራሱ መሄድ የለበትም። ወኪል ሊያስገባለት ይችላል። ግን ወኪሉ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ውክልና ይያዝ፤ ውክልናው ላይም «በግብር ጉዳይ» የሚል ቃል ይኑር። ቤት ለማከራየት የተሰጠ ውክልና እዚህ አይሠራም።

«የሐኪም ወረቀት ካያያዝኩ ይበቃል።»

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የግብር መርማሪው በሽታው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከመመዘኑ በፊት ቀን ይቆጥራል። ሕመሙ ግብር በሚታወቅበት ጊዜ ላይ አርፏል ወይ? በዚያ ሕመም ምክንያት ሥራው የቆመውስ ለምንድን ነው?

ሸዋ ሮቢት ላይ የሕንፃ መሣሪያ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ጥቅምት 12 ደብረ ብርሃን ላይ ቀዶ ሕክምና አደረገች። ጥቅምት 19 ወጣች። እስከ ኅዳር 10 እረፍት ታዘዘላት። «ታማሚዋ ታክማለች» ብቻ የሚል ወረቀት ይዛ ብትሄድ ምንም አላስረዳችም። ወረቀቱ የገባችበትን፣ የወጣችበትንና እረፍቱ የሚያበቃበትን ቀን፣ የሐኪሙን ስምና ፊርማ፣ የጤና ተቋሙን ማኅተም መያዝ አለበት። የበሽታውን ዝርዝር ደብዳቤው ውስጥ መዘርዘር አያስፈልጋትም።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ አለ፦ «የሂሳብ ሠራተኛ የለሽም?» ይህን ሳትጠየቅ መመለስ ይሻላታል። ደብዳቤዋ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

> ስም፦ ........ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፦ ........
>
> ለሸዋ ሮቢት ከተማ ገቢዎች ጽ/ቤት
>
> ጉዳዩ፦ በሕመም ምክንያት የዓመታዊ ንግድ ትርፍ ግብር ማስታወቂያ ጊዜ እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ
>
> ስሜና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬ ከላይ የተጠቀሰው ግብር ከፋይ ከጥቅምት 12 እስከ 19 ሆስፒታል ተኝቼ ታክሜያለሁ። እስከ ኅዳር 10 ድረስ እረፍት ታዞልኛል። የሽያጭና የግዥ ደረሰኞቼን የማረጋግጠውና የሂሳብ መግለጫውን የምፈርመው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ የሂሳብ ባለሙያዬ ሥራውን ሊጨርስ አልቻለም። ስለዚህ እስከ ኅዳር 25 እንዲራዘምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> አባሪ፦ የሕክምና ማስረጃ 2 ገጽ፣ የንግድ ፈቃድ ቅጂ 1 ገጽ፣ የውክልና ቅጂ 1 ገጽ

«የተወሰነ ጊዜ ይሰጠኝ» አላለችም። ቀን ጠርታለች፤ ቀኑም እረፍቱ ካበቃ በኋላ 15 ቀን ብቻ ነው። ሦስት ወር ብትጠይቅ ማስረጃዋ ራሱ ይቃወማት ነበር። ከአባሪዎቹ ጎን የገጽ ብዛት መጻፉም ጠቃሚ ነው፤ አንድ ወረቀት ከፋይል ቢጠፋ እንደነበረ ያሳያል።

«ደብዳቤው ከገባ ተራዝሞልኛል ማለት ነው።»

አይደለም። መልስ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ቀኑ ጥቅምት 30 ነው። በሁለት ቅጂ ይውሰዱ። አንዱ መዝገብ ቤት ይቅር፤ በሌላው ላይ የገባበት ቀንና ማኅተም ይረፍበት፣ ቤትም ይቀመጥ። ዋናውን የሕክምና ማስረጃ አሳይተው ቅጂውን ብቻ ይስጡ። ዋናው ፋይል ውስጥ ከቀረ ሌላ ቦታ ሲጠየቁ ባዶ እጅ ይሆናሉ።

«ማስታወቂያው ከተራዘመ ክፍያውም ተራዘመ።»

ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚታዩት። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ እንዲጠየቅ ያደርጋል፤ ቢፈቀድም ወለዱ መቁጠሩን አይተውም። ገንዘብ ካለ ግምቱን ቀድሞ መክፈል ይሻላል። ከሌለ በዚያው ደብዳቤ ላይ «የክፍያ ጊዜም» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሠራተኛ ደመወዝ ግብርና ተጨማሪ እሴት ታክስ በየወሩ የሚታወቁ ስለሆኑ፣ በስማቸው ካልተጠቀሱ በዓመታዊው ጥያቄ ውስጥ አይካተቱም።

«ዘንድሮ ከስሬያለሁ፤ ግብር ስለሌለብኝ ማራዘሚያ ምን ያደርግልኛል?»

ኪሳራም ይታወቃል። በዚሁ አዋጅ መሠረት የሚከፈል ግብር ባይኖር እንኳ ሳያስታውቁ መዘግየት ለእያንዳንዱ የግብር ጊዜ 10,000 ብር ያስቀጣል።

«ጥያቄዬ ውድቅ ከሆነ አበቃ።»

መቀጫ ከተጣለ በኋላም አዋጁ መቀጫ በመመሪያ መሠረት ሊነሳ እንደሚችል ይፈቅዳል። ያኔ የሚቀርበው ያው የሕክምና ማስረጃ ነው፤ አብሮት ማኅተም ያረፈበት የመጀመሪያው ደብዳቤ ቅጂ ይያያዝ። ግብር ከፋዩ ቀኑ ሳያልፍ እንዳሳወቀ የሚያሳየው እሱ ነው።