«ላም አለኝ በሰማይ»፦ ግማሹ የት ሄደ?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመናል። አማርኛ የማስተምረው እንግሊዛዊ አብሮኝ ነበር። አንድ አረጋዊ ቄስ መስቀል አሳልመውት «አማርኛ ታውቃለህ እንዴ ልጄ?» ቢሉት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ወደ ላይ ሰቀለና «አዎ አባ፤ ላም አለኝ በሰማይ» አላቸው። ቄሱ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ «አይ ልጄ፣ ወደ ምድር ያውርድልህ እንጂ!» ብለው መርቀውት አለፉ። እሱም «አሜን» አለ። እኔ ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንሁ።

ወደ ፒያሳ ስንወርድ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅሁት። አባባሉን ያስተማረው አንድ ወጣት አስጎብኚ ነው። ትርጉሙን ግን ማንንም አልጠየቀም፤ የገባው መስሎታል። በእንግሊዝኛ የበግ ግልገል ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የ«ብ» ፊደል አለበት፤ ሲነገር ግን ፊደሉ ይዋጥና ጆሮ ላይ የሚቀረው «ላም» ነው። ተማሪዬም «ላም» ሲባል ግልገል ሰማ። ግልገሉ ሰማይ ላይ ነው ሲባል ደግሞ ክርስቲያን ነውና ክርስቶስን አሰበ። ጣሪያው ላይ የተሳሉት መላእክት ቁልቁል እያዩት ካስቀደሰበት ቤት ገና መውጣቱ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምን ይበል?

አስቸጋሪው ቃል እንዲህ ያለው ነው። ስሜት የማይሰጥ ስህተት ወዲያው ይያዛል፤ ሰው ግራ ይገባውና ይጠይቃል። ስሜት የሚሰጥ ስህተት ግን ዓመት ሙሉ አብሮ ይኖራል። ላምና የእንግሊዞቹ ግልገል በዘር አይገናኙም፤ መንገድ ላይ ተገናኝተው መልካቸው የተመሳሰለ ባዕዳን ናቸው። የእኛ የዮሐንስ ወንጌልም ክርስቶስን «የእግዚአብሔር በግ» ይለዋል እንጂ በላም አይጠራውም።

ግን ተማሪዬን ብቻ አልወቅስም፤ የተሰጠው ግማሽ ነው። ሙሉው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው፤ ቁም ነገሩም ያለው በተቆረጠው ግማሽ ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ተመልከቱት፦ «አለኝ» ይላል፣ «አለችኝ» አይልም። በአማርኛ ያልተለየ ነገር እንዳለን ስንናገር ሴት ለሆነችውም «አለኝ» እንላለን፤ ስለዚህ የላሟ ሴትነት እዚህ ጋ አይታይም። ሁለተኛው ግማሽ ሲመጣ ግን «ወተቷን» ይላል። «ወተቱን» ቢሆን ኖሮ የወንድ ወይም የማንም ወተት ሊሆን በቻለ። «ቱ» ወደ «ቷ» ስትለወጥ ባለቤቲቱ ሴት መሆኗ ታወቀ፤ ወተት አላት መባሉ ደግሞ ግልገልነቷን አፈረሰው። ግልገል ይጠባል እንጂ አይታለብም። ተማሪዬ ሙሉውን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ እዚያው ቆም ብሎ «በሰማይ ያለው በግ ወተት አለው እንዴ?» ይል ነበር።

አሁን ወደምወደው ልግባ። ትርጉሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መነሻው ግን አጎቴ ቤት ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ።

አባቴ ከተማ ተቀጥሮ ሲገባ አንዲት ዳልቻ ላም ነበረችው። ጎንደር መሬቱ ጠባብ፣ ሣሩ ውድ ስለሆነ ወገራ ላለው አጎቴ ለርቢ ሰጣት። ርቢ ማለት እንዲህ ነው፦ ላሚቱ የአባቴ ናት፤ የሚያግዳት፣ ድርቆሽ የሚያበላት፣ ሌሊት ከጅብ የሚጠብቃት አጎቴ ነው። የምትወልደውን እኩል ይካፈላሉ። ወተቱና ቅቤው ግን የጠባቂው ነው። ስለዚህ እኛ ጎንደር ሆነን ላም አለን፤ ጎረቤት ሁሉ ላም እንዳለን ያውቃል፤ ቡናችንን ግን በስኳር ነው የምንጠጣው።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኔ ወገራ እወጣለሁ። ወተቷን ያየሁት ያኔ ነው። ጎህ ሲቀድ የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ እላቸው ነበር፣ በወይራ ጭስ የታጠነውን ጮጮ ይዘው በረት ይገባሉ። መጀመሪያ ጥጃው ይለቀቃል፤ እሱ ጠባ ጠባ ሲያደርግ ላሚቱ ወተቷን ታወርዳለች። ከዚያ ከጡቷ ይነጠልና ፊት እግሯ ላይ ይታሰርላታል፤ እሷም እየላሰችው ትቆማለች። ጥጃዋን ካላየች አትሰጥም። ዳልቻ አንዴ ጥጃ ሞቶባት ቆዳው ገለባ ተሞልቶ ፊቷ ሲቆምላት አይቻለሁ፤ እሱን እየላሰች ታለበች። እትዬ ጮጮውን ጉልበታቸው መካከል አድርገው፣ «በይ እመቤቴ፣ በይ» እያሉ ሲያልቡ፣ ወተቱ መጀመሪያ ጭር ጭር ይላል፤ አረፋው ሲሞላ ድምፁ ይወፍራል። እኔ የወይራ ጭስ የሚሸተውን ትኩስ ወተት በጣሳ እጠጣለሁ። አባቴ ግን ጎንደር ነው።

ማታ ማታ አባቴ ደጅ ተቀምጦ ወደ ሰሜን፣ ወደ ወገራ ደጋ ያያል። ደመናው ተራራው ላይ ሲቀመጥ ሰማይና ደጋ አይለዩም። «ላም አለኝ በሰማይ» ይላል እየሳቀ። የእኔም ሐሳብ ከዚህ የመጣ ነው፦ የአባባሉ «ሰማይ» መንግሥተ ሰማያት አይደለም፤ ደጋው ነው። አባባሉን የፈጠረው ላሙን ሽቅብ ለርቢ የሰደደ የወይና ደጋ ወይም የቆላ ሰው ነው። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ያለኝ አንድ ቃል ነው፦ «አላይ»። ስለ ሕልም ላም የሚያወራ ሰው «ወተት የላትም» ይል ነበር። እኛ ግን «ወተቷን አላይ» እንላለን። ወተት አላት፤ ትታለባለች፤ የማያየው ባለቤቱ ነው! አንድ ወዳጄ «ሰማይ የገባው ከአላይ ጋር ቤት እንዲመታ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም» ብሎ ሊያፈርስብኝ ይሞክራል። ይሁን፤ ቤት መምታቱ ግን ላሚቱን ከወገራ አያወርዳትም።

ከተማሪዬ ጋር ከዚያ በኋላ አንድ ዘዴ ያዝን። የሚያውቀው የሚመስለውን ቃል በጣቱ ይሸፍንና የቀረውን ያነባል። «ላሟ ዛሬ አልታለበችም» የሚለውን ሰጠሁት። «ላሟ»ን ሸፈነ፤ የቀረው «ዛሬ አልታለበችም» ነው። ምንድን ናት የምትታለብ? ራሱ መለሰው። ቀጥሎ «ላሚቱን ሸጥናት» አልሁት። እዚህ ጋ ግሱ ሴትነቷን ብቻ ነገረው፤ በግም ሴት ልትሆን ትችላለችና አልበቃውም። ደግሞ እኛ ጎንደሬዎች ለምንወደውና ለምናሳንሰው ነገር ሁሉ «ይቺ» ማለት ልማዳችን ነው፤ «ይቺን ቤት» እንላለን፤ ቤት ግን አትወልድም። ስለዚህ የሴት ቅጥያ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ግሱ የሚሠራው ሥራም አብሮ መታየት አለበት። «ላም ገዛሁ» ብቻ ከተባለ ደግሞ ምንም ምስክር የለም። ያኔ «ስንት ወልዳለች?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ የከብት ገበያ ሰውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ግን ዘዴው ከልክ በላይ አሳመነውና እንግሊዝኛ የሚመስል ቃል ሁሉ አታላይ ነው ማለት ጀመረ። የገጠር ሰው «ላምባ አልቆብናል» ሲል ሰምቶ «ይሄ ደግሞ ከላም ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ። እዚህ ጋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ላምባ ከላም ጋር አይገናኝም፤ ከእነሱ የመብራት ስም ጋር ግን ዘመድ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቃል ነው። ዘመድ ቢሆንም እኛ ዘንድ ሌላ ሥራ ይዟል፦ በእኛ ቤት ላምባ ማለት ኩራዙ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ነው። ባዕዱን ቃል ሰዋስው ይይዘዋል፤ ትርጉሙ የሄደ ዘመድን ግን የሚይዘው አብሮት የሚውለው ቃል ነው። ላምባ ያልቃል፣ በሊትር ይገዛል፣ ይጨመራል፣ ልብስ ላይ ሲፈስ ይሸታል። መብራት እንዲህ አይሆንም።

«ጋዝ»ም እንዲሁ ነው። አሜሪካኖች ለመኪናቸው የሚቀዱትን በዚህ ስም ይጠሩታል፤ እኛ ሱቅ ሄዶ «ጋዝ ስጠኝ» ያለ ሰው ግን ነጭ ጋዝ በጠርሙስ ይሰጠዋል፤ ያው ላምባው ነው። የመኪናው ቤንዚን ወይም ናፍጣ ነው። «ፋብሪካ»ም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጨርቅ ይመስለዋል፤ ቃሉ ግን ወደ እኛ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው፤ ጣሊያኖቹም ዕቃ የሚሠራበትን ቤት ነው እንዲህ የሚሉት። ጎንደር ውስጥ ጣሊያን እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ ስለቆየ፣ ፒያሳችንን ጨምሮ ብዙ ቃል ጥሎልን ሄዷል። «የቢራ ፋብሪካ» ሲባል የፊተኛውን ቃል ያየ ሰው ጨርቅ አይፈልግም።

አስጎብኚውን ባለፈው ሳምንት አገኘሁትና ወቀስሁት። ዛሬ ዛሬ አባባልን እንደ ሸንኮራ መቁረጥ የተለመደ ሆኗል፤ ጣፋጩ ከላይ ነው ብለው ሥሩን ይጥሉታል። ይባስ ብለው ቤት ለሚመኝ፣ ሎተሪ ለቆረጠ ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሉታል። የሎተሪው ሰው እኮ ላም የለውም! አባባሉ የተነገረው ላም ላለው ሰው ነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «ጋሼ፣ ሁለተኛ ግማሽ አለው እንዴ?» አለኝ። ነገርሁት። ጥቂት አሰበና «እሺ፣ ወተቷን ታዲያ ማን ጠጣው?» አለ።

«አጎቴ» አልሁት።