ሰርፌስ ኒት ማድረግ ምንድን ነው? ክፍተት መድፈኛ እንዳልሆነ እንስማማ

"ኒቱ እምቢ ካለህ ቶለራንሱን ከፍ አድርገው፣ ይዘጋል።" ይህችን ምክር ሳያት ዝም ብዬ ሳልፍ ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ግን አንዱ ጭራሽ "ኒት ማለት በሰርፌሶች መሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ትዕዛዝ ነው" ብሎ ሲያስረዳ አየሁና አላስቻለኝም። ሶሊድወርክስ ውስጥ Knit Surface የሚባለው ይህ ኒት ምንም ነገር አይሞላም።

ሎፍትና ስዊፕ ምን እንደሚሠሩ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። ሰርፌስ ውፍረት እንደሌለውም እንዲሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሶሊድ ላይ ነው። ሶሊድ ሲባል ውስጡ የታጨቀ ነገር ይመስለዋል። ፕሮግራሙ ግን ውስጥ ያስቀመጠው ነገር የለም። የሚያውቀው የውጭ ፊቶቹን ብቻ ነው። እያንዳንዱን ጠርዝ በትክክል ሁለት ፊቶች ሲጋሩት ውስጥና ውጭን መለየት ይችላል፣ ያኔ ሶሊድ ይለዋል። አንድ ፊት ብቻ ያለው ጠርዝ ከተገኘ ክፍት ነው። ሦስት ፊት ያለው ከተገኘ ደግሞ የትኛው ወገን ውስጥ እንደሆነ መናገር አይቻልም። ኒት የሚሠራው ይህንን የጠርዝ ሂሳብ ነው፦ የዚህ ፊት ጠርዝና የዚያኛው ፊት ጠርዝ አንድ ናቸው ብሎ ይመዘግባል። አለቀ።

በልብስ ሰፊ አስቡት። ጎበዝ ሰፊ ሁለት ጨርቅ ሲሰጡት አንዱ ትንሽ ቢያጥር ሳብ አድርጎ ያገናኘዋል። ኒት ግን ጨርቁን መሳብ የተከለከለ ሰፊ ነው። ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ ከመጣለት ይሰፋል። ካልገጠመ ይመልስላችኋል። ቶለራንስ የምትሉት የክሩ ርዝመት ነው። ክሩን ስታስረዝሙለት በሩቁም ቢሆን ይሰፋላችኋል፣ ጨርቆቹ ግን እዚያው በነበሩበት ናቸው። መሃላቸው ላይ ያለው ክር ብቻ ነው። ደግሞም ይህ ሰፊ መቀስ የለውም፣ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አንድ ጠርሙስ እንውሰድ። ቁመቱ 180 ሚሊሜትር ነው፣ ወገቡ ላይ ሰብሰብ ያለ። የፊት ግማሹን በሎፍት ሠራነው፦ ፕሮፋይሎቹ ከታች፣ 90 ሚሊሜትር ላይና ከላይ ናቸው፣ ግራና ቀኙን የሚመሩ ሁለት ኩርባዎችም ሰጠነው። የኋላ ግማሹን ስንሠራ ግን ፕሮፋይሎቹን ብቻ ሰጠንና መሪ ኩርባዎቹን ረሳን። ታችና ላዩን በጠፍጣፋ ሰርፌስ ዘጋነው። የፕሮፋይሎቹ ጫፎች አንድ ላይ ስላሉ ሦስቱም ከፍታዎች ላይ ሁለቱ ግማሾች በደንብ ይገናኛሉ። ችግሩ በመሃል ነው። መሪ ያልተሰጠው ሎፍት ከፕሮፋይል ወደ ፕሮፋይል የሚሄደው ራሱ ባሰላው መንገድ ነው፣ እናንተ በሣላችሁት ኩርባ ላይ አይደለም። ስለዚህ 45 ሚሊሜትር ከፍታ አካባቢ 0.08 ሚሊሜትር ክፍተት ተፈጠረ እንበል።

ይህ በዓይን አይታይም። ጠርሙሱ ስክሪኑ ላይ 900 ፒክስል ያህል ከያዘ አንድ ሚሊሜትር 5 ፒክስል ይደርሰዋል፣ 0.08 ሚሊሜትር ደግሞ ግማሽ ፒክስል እንኳን አይሞላም። የጠርዙ ጥቁር መስመር ራሱ ይሸፍነዋል። "ዙም አድርጌ አይቻለሁ፣ ገጥሟል" የሚለኝን ሰው የት ቦታ ዙም እንዳደረገ እጠይቀዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ጫፎቹ ላይ ነው፣ ማለትም ክፍተቱ ዜሮ በሆነበት ቦታ።

መመርመሪያ አለ። ሶሊድወርክስ ውስጥ Evaluate ገብታችሁ Check ክፈቱና Open surface የሚለውን ምረጡ፣ ክፍት የቀረው ጠርዝ ያበራላችኋል። ራይኖ ላይ ሥራው የ ShowEdges ነው፣ Naked edges የሚለው ላይ አድርጉት። ከዚያ ቀላሉ ምልክት ግን የፊቸር ዛፉ ላይ አለ፦ ሥራችሁ Surface Bodies ስር ከተቀመጠ፣ የቱንም ያህል የተዘጋ ቢመስል ሶሊድ አይደለም። Knit Surface ውስጥ Create solid ላይ ምልክት ማድረግ ጥያቄ ማቅረብ ነው፣ ትዕዛዝ አይደለም።

እንግዲህ "ቶለራንሱን ከፍ አድርገው" የሚለው ምክር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ምክሩን የሰማ ሰው Knit Surface ላይ Gap Control ውስጥ ገብቶ ቶለራንሱን 0.1 ሚሊሜትር ያደርገዋል፣ ጠርሙሱም ሶሊድ ይሆንለታል። እውነት ነው፣ ሶሊድ ይላል። የሆነው ነገር ግን ያ ጠርዝ "እስከዚህ ድረስ ቢሳሳትም ይታለፍ" ተብሎ መመዝገቡ ነው። በኋላ ስፌቱ ላይ ፊሌት ሲጠይቅ ፊሌቱ የሚነሳበት ትክክለኛ መስመር ያጣል። ወይ እምቢ ይላል ወይ የተሸበሸበ ነገር ይሰጠዋል። ፋይሉን በ STEP ልኮ ሌላ ፕሮግራም ሲከፍተው ደግሞ ያኛው ፕሮግራም የራሱ ቶለራንስ አለው። ተመልሶ የተበታተነ ሰርፌስ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥፋተኛው STEP ይሆናል!

ቶለራንስ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። መሪ ኩርባ ቢሰጠውም ሎፍት ኩርባውን በስሌት የሚጠጋው እንጂ ፍጹም የሚገለብጠው አይደለም፣ ስለዚህ በሚሊሜትር ሺኛ የሚቆጠር ልዩነት ይኖራል። ቶለራንስ የተቀመጠው ለዚህ ነው፣ ለተረሳ መሪ ኩርባ አይደለም። ትክክለኛው መፍትሔ የኋላውን ሎፍት ከፍቶ መሪ መስጠት ነው። መሪ ስትሰጡትም የድሮውን ስኬች አትምረጡ፣ የፊተኛውን ሰርፌስ ጠርዝ ራሱን ምረጡ። ሁለቱም ስኬቹን ለየብቻ ከሚጠጉት አንዱ ሌላኛውን ቢከተል ይሻላል። ከዚህ በኋላ ነባሪው ቶለራንስ ይበቃል።

አሁን ወደ መቀሱ። ለጠርሙሱ በስዊፕ እጀታ ሠራን፣ ጫፎቹ ግድግዳውን አልፈው ወደ ውስጥ ገቡ። ሰው ይህን መርጦ ኒት ይላል፣ አይሆንም። ሰርፌሶቹ ይቋረጣሉ እንጂ ጠርዝ ለጠርዝ አልተገናኙም። መጀመሪያ Trim Surface በ Mutual መሠራት አለበት፦ ወደ ውስጥ የገባው የእጀታ ጫፍ ይቆረጣል፣ እጀታው የሚያርፍበት የግድግዳ ክብም ይወጣል። ክቡን ረስታችሁ እጀታውን ብቻ ከቆረጣችሁ ያ የመገናኛ ጠርዝ ሦስት ፊት ሊኖረው ነው፦ እጀታው፣ የውጭው ግድግዳና የውስጡ ክብ። ከላይ ያልኩት ሦስተኛ ፊት ይኸው ነው።

ኒት ልስላሴም አይጨምርም። ሁለት ግማሾች ጥርት ባለ ስብራት ቢገናኙም ጠርዛቸው እስከገጠመ ድረስ በደስታ ይሰፋቸዋል። ስፌቱ ላይ የብርሃን ነጸብራቅ የሚሰበርባችሁ ከሆነ ሎፍቱ ውስጥ ያለውን የታንጀንሲ ምርጫ ተመልከቱ።

ሁሉም ነገር ገጥሞ፣ ሶሊድ ሆኖም፣ Shell በ2 ሚሊሜትር እምቢ ሊል ይችላል። ይህ ብዙውን ጊዜ የኒት ጥፋት አይደለም። Check ውስጥ Minimum radius of curvature የሚለውን ምረጡ። የውጭው ፊት በአንድ ቦታ ከ2 ሚሊሜትር ባነሰ ራዲየስ ከታጠፈ፣ ወደ ውስጥ 2 ሚሊሜትር ሲገፋ ራሱን በራሱ ያቋርጣል። ወይ ግድግዳውን አሳሱት፣ ወይ እዚያች ቦታ ላይ ኩርባውን ሰፋ አድርጉት።