«መያዣ ካለ ኪሳራ የለም» እና ሌሎች የብድር ክፍል ወሬዎች

«ኦቨርድራፍቱ ላይ ያለበት 2.4 ሚሊዮን ነው፤ ኪሳራውንም በ2.4 ነው የምናሰላው»

ከወረታ የፎገራ ሩዝ እየገዛ ባሕር ዳር የሚያከፋፍል ነጋዴ አለ እንበል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተጠጋጉ ናቸው። ኦቨርድራፍቱ፣ ማለትም እስከ ጣሪያው እንዳሻው እያወጣ የሚጠቀምበት ብድር፣ የተፈቀደለት ጣሪያ 4 ሚሊዮን ብር ሲሆን እስከ ዛሬ የወሰደው 2.4 ሚሊዮን ነው። ገበያ የጠመመበት ነጋዴ ግን መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው ወዳልተነካው ኦቨርድራፍት ነው። ባንኩ ነቅቶ ሒሳቡን ሲዘጋ ሰውየው ጣሪያው ጋ ደርሷል። ስለዚህ ከቀረው 1.6 ሚሊዮን ውስጥ እስከ ዲፎልት ቀን፣ ማለትም ዕዳውን መክፈል እስከሚያቅተው ድረስ፣ ምን ያህሉ እንደሚወጣ ከዚህ በፊት ከተበላሹ ብድሮች ታሪክ ይገመታል። 75% ብንል 1.2 ሚሊዮን ይጨመራል፤ ተጋላጭነቱም 3.6 ሚሊዮን ይሆናል። ወሩም ራሱ ለውጥ ያመጣል። ሩዝ ነጋዴ ገንዘብ የሚያወጣው ምርት ሲሰበሰብ፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ነው፤ የሰኔ መዝጊያ ባላንስ ስለዚያ ጊዜ ብዙም አይነግረንም።

«ቤቱ 4 ሚሊዮን ተገምቷል፤ መያዣ ካለ ኪሳራ የለም»

ኢንጂነሩ ነጋዴው ላስያዘው ቤት የጻፈው ግምት ዛሬ፣ ያለ ችኮላ፣ ፈቃደኛ ገዢ ቢገኝ ነው። ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣ በሐራጅ እንዲሸጥ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ቢሆንም የመጀመሪያው ሐራጅ ላይ ተጫራች ይጠፋል፣ እግድ ይመጣል፣ ቤተሰቡ አልወጣም ይላል። ቤቱ በ30% ቅናሽ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተሸጠ እንበል። 2.8 ሚሊዮን ገባ። ይህ ገንዘብ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገባ ገንዘብ ነው። በብድሩ ወለድ፣ በ16%፣ ወደ ዲፎልቱ ቀን ሲመለስ 2.08 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ለጠበቃ፣ ለማስታወቂያና ለጥበቃ 80 ሺህ ሲቀነስ 2 ሚሊዮን ይቀራል። ከ3.6 ሚሊዮኑ የጠፋው 1.6 ሚሊዮን፣ ማለትም 44% ያህሉ ነው። ብዙውን የበላው የሐራጁ ቅናሽ ብቻ አይደለም፤ መዘግየቱም ነው። የተዘጉ መዝገቦችን ስታዩ ከመሸጫ ዋጋው በፊት ቀኑን ተመልከቱ።

«80 ሺህ መጠባበቂያ ይዘናል፤ እንግዲህ ይህ ሰው ቢበዛ 80 ሺህ ነው የሚያከስረን»

የሚጠበቀው ኪሳራ (ECL) ያለመክፈል ዕድል (PD)፣ ካልተከፈለ የሚጠፋው ድርሻ (LGD) እና ተጋላጭነቱ (EAD) ተባዝተው ይወጣል፤ የዚህ ነጋዴ ያለመክፈል ዕድል በዓመት 5% ነው እንበል።

```
ECL = PD × LGD × EAD
5% × 44.4% × 3.6 ሚሊዮን ≈ 80,000 ብር
```

ይህ ሰው 80 ሺህ ብር አያከስርም። ከከፈለ ኪሳራው ዜሮ፣ ካልከፈለ 1.6 ሚሊዮን ነው። እሱን የመሰሉ 100 ነጋዴዎች ቢኖሩንና በዓመት 5ቱ ቢወድቁ 8 ሚሊዮን እናጣለን፤ ለመቶው ሲካፈል 80 ሺህ ይደርሳል። ድርቅ ወይም የመንገድ መዘጋት አንድ ላይ 15ቱን ቢጥላቸው የሚያስፈልገው ካፒታል ነው እንጂ መጠባበቂያ አይበቃም። የባሕር ዳር አካባቢ ብድሮች ደግሞ አብረው የመውደቅ ጸባይ አላቸው፤ ሁሉም የሚያዩት አንድ ዝናብና አንድ መንገድ ነው።

«ስፕሬዱ 4.4% ከሆነ ያለመክፈል ዕድሉም 4.4% ነው»

ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. የ10 ዓመት የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ በ6.625% ወለድ ሸጠች። የአሜሪካ መንግሥት የ10 ዓመት ቦንድ ያን ጊዜ 2.2% ገደማ ይከፍል ስለነበር ልዩነቱ፣ ስፕሬድ የሚባለው፣ 4.4 ነጥብ አካባቢ ነው። አበዳሪው ይህን የሚጠይቀው ሊያጣው ለሚችለው ነው፤ ቦንዱ ቢከሽፍም ሁሉም አይጠፋም። በገበያው ልማድ 40% ይመለሳል ከተባለ የሚጠፋው 60% ነው፤ ስለዚህ 4.4 ለ0.6 ሲካፈል በዓመት 7.3% ይሆናል። ለ10 ዓመት ግን 73% አይባልም። በየዓመቱ 92.7% የመትረፍ ዕድል አሥር ጊዜ ሲባዛ 47% ገደማ ስለሚቀር የመውደቁ ዕድል 53% አካባቢ ነው።

«ታዲያ በ2016 ታህሳስ የዩሮቦንዱ ወለድ፣ ኩፖኑ፣ አልተከፈለም፤ ገበያው እውነተኛውን ዕድል ያውቅ ነበር ማለት ነው»

አንድ ጊዜ የሆነ ነገር 53%ንም 30%ንም አያረጋግጥም። ከዚህም በላይ ስፕሬዱ ውስጥ የሚጠበቀው ኪሳራ ብቻ ሳይሆን አደጋ ለመሸከም የሚጠየቅ ዋጋና ቦንዱን ቶሎ መሸጥ ላለመቻል የሚከፈልም አለ። ከስፕሬድ የወጣ ዕድል በታሪክ ከሚታየው የዲፎልት መጠን ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ዋጋ ለማውጣት ይሆናል፤ እንዳለ ወደ መጠባበቂያ ስሌት ከገባ ግን ያጋንናል።

በተለይ የሚያሳስተው፣ እኔም አንድ ጊዜ ያጠፋሁት፣ ሌላ ነገር ነው። ስፕሬዱ የሚነግረን ያለመክፈል ዕድሉና የሚጠፋው ድርሻ ሲባዙ የሚሰጡትን እንጂ እያንዳንዱን ለየብቻ አይደለም። 20% ብቻ ይመለሳል ብንል ያው 4.4 ለ0.8 ተካፍሎ 5.5% ይሰጣል። 7.3%ን ከአንዱ ሠንጠረዥ፣ 80% ጥፋትን ከሌላው አምጥተን ብናባዛ 5.8% እናገኛለን፤ ገበያው ራሱ ካስከፈለው 4.4 በላይ ማለት ነው። ለወረታው ነጋዴ ደግሞ የሚሸጥ ቦንድ ስለሌለው የእሱ 5% የሚወጣው ከራሳችን የቆዩ የሩዝ ነጋዴዎች ፋይል ነው።