ከ«ዋጋ ስንት ነው?» በኋላ፦ ቻት የሚከፍት ማስታወቂያ በጅማ

ቻት የሚከፍት ማስታወቂያ ሲነካ ወደ ድረ ገጽ አይወስድም። ሜሴንጀርን፣ ዋትስአፕን ወይም የኢንስታግራምን የውስጥ መልእክት ይከፍታል። በፌስቡክና በኢንስታግራም ላይ ይህን የሚያቀርበው ሜታ ነው። ድረ ገጽ ለሌለው የጅማ ነጋዴ፣ ማር ለሚሸጠውም እንጨት ለሚሠራውም፣ ይመቻል። ችግሩ የሚጀምረው ቻቱ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ጅማ በእንጨት ሥራዋ ስለምትታወቅ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት እንውሰድ። ከዋንዛ የተሠራ የምግብ ጠረጴዛ አስተዋወቀ እንበል። ማስታወቂያውን የነካ ሰው ፊቱ ላይ የተዘጋጀ ጥያቄ ያገኛል፤ አንዴ ጫን ሲያደርገው መልእክቱ ይላካል። ሳያስበው የጫነም አለ። ሜታ ግን ይህንንም ይቆጥራል። በሪፖርቱ ላይ Messaging conversations started የሚለው ቁጥር ሰው መጻፍ መጀመሩን እንጂ መግዛት መፈለጉን አያሳይም።

ስለዚህ የተዘጋጁትን ጥያቄዎች ራስ መጻፍ ያዋጣል። «ተጨማሪ መረጃ እፈልጋለሁ» የሚል ጥያቄ ስለ ደንበኛው ምንም አይነግርም። «የባለ 6 ሰው ጠረጴዛ ዋጋ ስንት ነው?»፣ «በራሴ ልኬት ማሠራት እፈልጋለሁ»፣ «አጋሮ ድረስ ታደርሳላችሁ?» ቢባል ግን ሰውየው ገና ሲጫን ማንነቱ በከፊል ይታወቃል።

ዋጋ ለጠየቀ ሰው ዋጋ መንገር ነው። ኢንቦክስ ውስጥ ያለን ሰው «ይደውሉልን» ማለት ያባርረዋል፤ ብዙ ሻጮች ደንበኛ የሚያጡት እዚህ ጋ ይመስለኛል። ዋጋው ከተነገረ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ይከተላል፦ «ለስንት ሰው ነው የሚፈልጉት?» ደንበኛው በአፋን ኦሮሞ ከጻፈ መልሱም በአፋን ኦሮሞ ይሁን። ሲመልስ «ልኬቱን ተነጋግረን ዋጋውን እንድናስተካክል ስልክዎን ይላኩልኝ» ይባላል። ስልክ የሰጠ ሰው ነው እንግዲህ ሊድ የሚባለው። በዋትስአፕ ከመጣ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከመልእክቱ ጋር አብሮ ይደርሳል።

በሜሴንጀር ሰዓት ይቆጠራል። ደንበኛው መጨረሻ ከጻፈ በኋላ የሻጩ የፌስቡክ ገጽ ለ24 ሰዓት እንደልብ መልስ መስጠት ይችላል። ከዚያ በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ መልስ የሚሰጠው አውቶማቲክ መልስ ሳይሆን ከሻጩ ወገን ያለ ሰው ራሱ ጽፎ ነው። 7 ቀን ካለፈ ደንበኛው እንደገና እስኪጽፍ በሩ ዝግ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ለመጣ ጥያቄ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የሚመለሰው ከጊዜ ገደቡ ውስጥ ነው። ሰውየው ግን እስከዚያ ለሌላም ሻጭ ጽፎ ይሆናል። ማታ የሚመልስ ከሌለ አውቶማቲክ መልሱ ዋጋውን ይንገርና «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እጽፍልዎታለሁ» ይበል። ያሉትን ሰዓት መጠበቅ ግን ግድ ነው።

ዝም ላለ ሰው ሁለት መልእክት ይበቃል። የመጀመሪያው በማግስቱ፣ 24 ሰዓቱ ሳይሞላ፣ አዲስ ነገር ይዞ ይላካል። «አሁን እየተላገ ያለው የዋንዛ ጠረጴዛ ይኸውልዎት፤ ቅዳሜ ያልቃል» ብሎ ከፎቶ ጋር መላክ «አሁንም ይፈልጋሉ?» ከማለት በጣም ይሻላል። ሁለተኛው በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን ይሆናል። በዚያ ላይ የሚጨመር መልእክት ሰውን ወደ ማገድ ይገፋዋል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ለማስታወቂያው 3,000 ብር ወጥቶ 30 ቻት መጣ እንበል። ቻቱ በ100 ብር ተገኘ ማለት ነው፤ ርካሽ ይመስላል። ከ30ዎቹ 13ቱ አንዴ ተጭነው ጠፉ። 17ቱ መልስ ሰጡ፣ 9ኙ ስልክ ላኩ፣ 2 ሰዎች ቀብድ ከፈሉ። አንዱ ትእዛዝ የተገኘው በ1,500 ብር ነው። ከአንድ ጠረጴዛ የሚተርፈው 4,000 ብር ከሆነ ያዋጣል፤ 1,200 ከሆነ ኪሳራ ነው። ከ17ቱ ብዙዎቹ «ጅማ ነው እንዴ ያላችሁት? እኔ መቀሌ ነኝ» የሚሉ ከሆነ ጥፋቱ የመልሱ አይደለም። ማስታወቂያው የሚታይበት ቦታ ጠቦ ጅማና ዙሪያዋ ላይ መሆን አለበት።

ይህን ለማወቅ ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ ስም፣ ስልክ፣ የጠየቀው ዕቃ፣ ልኬቱ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ። ቀጠሮው በተለይ እዚህ አካባቢ ትልቅ ቦታ አለው። በክረምት «ቡና ሲሸጥ እወስዳለሁ» የሚል ደንበኛ ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ቡናው የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ያኔ ግን የሜሴንጀሩ 7 ቀን ካለፈ ወራት ይሆነዋል። ስልኩ ያን ዕለት ካልተወሰደ ደብተሩ ላይ የሚቀረው ስም ብቻ ነው። ከተወሰደ ግን «ኅዳር 10 ይደወል» ተብሎ ይጻፋል፤ ቀኑ ሲደርስም «ስለ ባለ 6 ሰው ጠረጴዛ ሐምሌ ላይ ተነጋግረን ነበር» ተብሎ ይደወላል።